የሚበራ ገመድ

ታናሽ ወንድሜ ነገር መጣል አይሆንለትም። ማተሚያ ቤቱን ከከፈተ ወዲህ ከዚያ በር ወጥቶ በዚያው የቀረ ነገር ቢኖር ትዕግሥቱ ያለቀ ደንበኛ ብቻ ነው። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ «ለአበባ ይሆናል» ብሎ ያስቀምጣል፤ አበባ ግን ተክሎ አያውቅም። እጀታው የወለቀ ጣሳ፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር፣ ሁሉም ከኋላ ባለችው ዕቃ ቤት ጡረታ ወጥተው ተኝተዋል። እሱ ይህን ቁጠባ ይለዋል። እኔ በሌላ ስም ነው የማውቀው።

ከዚያ ሁሉ ቅራቅንቦ መሀል የዓይኑ ብሌን የገመድ ሳጥኑ ነው። የመብራት ገመድ አይደለም፤ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ ቢጫ ብረቶች እንደ ጥርስ የተደረደሩበት ነው። እያንዳንዱን ጠቅልሎ በላስቲክ አስሮ፣ እንደ ሕፃን ልብስ አስተካክሎ ይደረድረዋል። ሚስቱ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቢጠነቀቅላት ኖሮ ደስ ይላት እንደነበር ነግራኛለች።

እኔ እዚያ ቤት የምሠራው ማጠናቀቂያውን ነው። ትልልቁ ባነር ከማሽን ሲወጣ ጠርዙን አጥፌ እሰፋለሁ፣ ዳር ዳሩን የብረት ቀለበት እመታበታለሁ። መዶሻዬ፣ የስፌት መኪናዬና ረጅሙ ጠረጴዛዬ አንድ ክፍል ውስጥ ከዲዛይነሮቹ ጋር ናቸው። ስለዚህ የማልሰማው ነገር የለም። እኔ በሌለሁበት ሊያወሩ የሚፈልጉ መንገድ ዳር ወጥተው ያወራሉ።

ልጄም ዲዛይነር ሆና የገባችው እዚያው ነው፤ ገባች ማለት ለሙከራ። ከእሷ ጋር አንድ ሌላ ወጣት ለሙከራ ተቀጥሯል። ሁለት ሆነው ይሞከራሉ፣ ቋሚ የሚሆነው አንድ ነው። ልጄ ከዚህ በፊት በሠራችበት ቤት ሁሉ ጊዜያዊ ነበረች። ጊዜያዊ ማለት ወንበሩን ታሞቂያለሽ፣ ከዚያ የሞቀው ወንበር ላይ የአለቃው ዘመድ ይቀመጣል ማለት ነው። አሁን ደግሞ አለቃው የገዛ አጎቷ ሆነና ሰው ሁሉ «ይኸው በመጨረሻ ተራዋ ደረሰ» አለ። ወንድሜን የማያውቅ ሰው እንዲህ ይላል።

ወንድሜ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ዘመድ እንደሌለው ተናገረ። ሥራና ሥጋ እንደማይቀላቀል፣ የሚፈርደው በውጤት ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ይህን ሲናገር በልቶ የወጣው እኔ ቤት ነው፤ ከንፈሩ ላይ ወጡ አልደረቀም። ልጄን ከሌላው የበለጠ ሊያጠብቅባት እንደወሰነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለፍርድ አስቦ ሳይሆን ለስሙ።

ያኛው ወጣት «ቀልጣፋው» ይባላል። ስሙን ማን እንዳወጣለት ስጠይቅ ራሱ መሆኑን ደረስኩበት። ሥራ ሳይሰጠው «አልቋል» ይላል፤ ከሰጡት በኋላም «አልቋል» ይላል፤ በመሀል ያለውን ማንም አያይም። የኮምፒውተሩን ቁልፍ ሲመታ ምስማር የሚመታ ይመስላል። እኔ ምስማር ስለምመታ ልዩነቱን አውቃለሁ፤ ምስማር የመታሽበት ቦታ ይገባል።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዲዛይነሮቹ ሳይሆን ከማተሚያ ማሽኑ ነው።

ማሽኑን የሚያሠራው፣ ባለማሽኑ የምንለው፣ ጠና ያለ ሰው ነው፤ ከማሽኑ ጋር ብቻውን የሚነጋገር። አንድ ሰሞን ባነሩ ላይ መስመር ይወጣ ጀመር። ማሽኑ ላይ ቀለም የሚረጨው ክፍል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ነው ሥዕሉን የሚያወጣው፤ አሁን ግን መሀል ላይ ቆም ይላል፣ ይጠብቃል፣ ይቀጥላል። በቆመበት ቦታ የረጨው ቀለም ስለሚደርቅ ቀጥሎ የሚመጣው አይዋሃደውም፣ ከዳር እስከ ዳር ሽንትር ይሆናል። የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ፊት ሲታተም ግንባሩ፣ አፍንጫውና አገጩ ላይ መስመር ወጣበት። ሊወስዱ የመጡት መምህር አዩትና ዳይሬክተሩ ታስረው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። መምህሩ በጣም ያዘኑ አልመሰለኝም።

ወንድሜ ጥፋቱን ከባለማሽኑ እጅ አገኘው። አፀዳዱ አይረባም አለ፣ ዓይኑ ደክሟል አለ፣ አንድ ቀን ደግሞ እሱ እያየ ሊያሳትመው አጠገቡ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ማሽኑ እሱ እያየም ቆመ። ማሽኑም እንደ እሱ ዘመድ አይለይም። ባለማሽኑ ያንን ሁሉ ዋጠው፤ ከማሽኑ ጋር የሚያወራው ግን ረዘመ።

በመጨረሻ የኔትወርክ ባለሙያ ተጠራ። መጥቶ ማሽኑን እንኳ አልነካም። ሥዕሉን ወደ ማሽኑ የሚልከውን ኮምፒውተር ከፈተና አንድ ቁጥር አሳየን፤ ሺህ ማለት ያለበት ቦታ መቶ ይላል። ከዚያ ተንበርክኮ ገመዱን በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። ከማሽኑ ጀርባ የባነር ጥቅል የምናመላልስበት ጋሪ ሲገባና ሲወጣ የሚረግጠው ቦታ ላይ ገመዱ እንደ ፓስታ ተጠፍጥፏል። ጫፉም ጫፍ አልነበረም፤ ሲሰኩት ቀጭ ብላ የምትይዘው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች፣ በእሷ ፋንታ ወንድሜ በካርቶን ቁራጭ ሸጉጦታል። ቢጫዎቹ ብረቶች ሲገባ ሲወጣ ተፍቀው ጠቁረዋል።

ባለሙያው ሲያስረዳ ግልጽ አድርጎ ነው። ገመዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠምዝዘው አራት ጥንድ ይሆናሉ። በሺው ፍጥነት ለመሄድ አራቱም ጥንድ ጤነኛ መሆን አለባቸው። አንዱ ጥንድ ከተጎዳ በወዲያና በወዲህ ያሉት ዕቃዎች ይስማሙና ወደ መቶ ይወርዳሉ፤ ለመቶ ሁለት ጥንድ ይበቃል። አይቋረጥም፣ አይጮህም፣ መብራቱም ይበራል። ፋይሉ ግን አሥር እጥፍ እየዘገየ ይሄዳል። ማሽኑ ሥዕሉ እስኪደርሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ መስመሩም ከዚያ ነው።

አዲስ ገመድ ዘረጋ፣ ጋሪው እንዳይደርስበት ግድግዳ ለግድግዳ አስያዘው፤ ዳይሬክተሩም ከእስር ተፈቱ። አሮጌውን ለወንድሜ ሰጠውና ሲወጣ «ቆርጠህ ጣለው» አለው። ወንድሜ እሺ አለ። እኔ ይህን እሺ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኖም ቅጠላ ቅጠሉን ብላ ሲባል እንዲህ ነበር እሺ የሚለው።

ባለማሽኑን ይቅርታ የጠየቀው የለም። ወንድሜ «እንኳን ተስተካከለልህ» አለው፣ ውለታ እንደዋለለት ሁሉ።

ከዚያ ገመዱን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለችው፣ ገመድ ሁሉ ከሚሰካባት ሳጥን፣ ሌላውን ጫፍ ከኮምፒውተሩ ሰካ፤ ብርቱካንማ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ዓይኑ በራ።

«እትዬ፣ አየሽ? ሊያስጥለኝ ነበር እኮ» አለኝ።

«ሰውየው እኮ ይበራል ብሎሃል። ችግሩ እሱ አይደለም ብሎሃል» አልኩት።

«ከበራ ሠራ። የማይሠራ ነገር ምን አበራው?»

ጠቀለለው፣ በላስቲክ አሰረው፣ ሳጥኑ ውስጥ ከጤነኞቹ ጋር አስተኛው። ጤነኞች ካሉ። እኔም ቀለበቴን ወደ መምታት ተመለስኩ፤ የሰው ሳጥን የሰው ነው ብዬ።

ጥቂት ቆይቶ ጎረቤት ያለውን ዛፍ ቆረጡትና የከሰዓት ፀሐይ ዲዛይነሮቹ ስክሪን ላይ ተዘረገፈ። ጠረጴዛዎቹ ቦታ ተለዋወጡ። ቀልጣፋው ቀልጥፎ እዚያች ግድግዳ ላይ ካለችው ሳጥን ሥር ቦታ ያዘ፤ ልጄ ወዲያ ማዶ፣ በሩ አጠገብ ሄደች። የነበራት ገመድ አጠራት። ወንድሜ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የወጣውን ደስታ ብታዩት፤ ዕድሜውን ሙሉ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ያለው ቀን መጥቶለታል። ዕቃ ቤት ገብቶ አንድ ረጅም ጥቅልል ይዞ ወጣ፣ በገዛ እጁ ዘረጋው፣ በገዛ እጁ ሰካው፣ አልይዝ ሲለው በካርቶን ሸጎጠው። ወጪ የለም፣ ባለሙያ የለም፣ መብራቱም በርቷል። ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

ልጄ ከዚያ ቀን ጀምራ ዘገየች።

ትንሹ ሥራ ላይ ምንም የለም። የስም ካርድ፣ ግብዣ ወረቀት፣ እንደ ሌላው ታወጣዋለች። ትልልቁ ባነር ሲመጣ ግን፣ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ስላለ፣ ከዚያ ከፍታ፣ ሠርታ፣ እዚያው መመለስ አለባት። ልትከፍተው ትጫነዋለች፤ ትጠብቃለች። ስክሪኑ ላይ ያቺ አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሄዳለች። ሠርታ ልታስቀምጠው ትጫናለች፤ እንደገና ትጠብቃለች። ቀልጣፋው ወዲህ «አልቋል» ይላል፣ እሷ ገና ስትከፍት ናት። ከዚያ ዞር ብሎ፣ ልጄ ትልቅ ፋይል በጫነች ቁጥር እንቅልፍ ይዞት እንደሆነ ለማየት ራሱን ይቆነጥጣል። ሰዉ ይስቃል። እሷም መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

ኮምፒውተሩ ይታይልኝ አለች፤ የሸጠው ሰው መጥቶ አየው፣ ምንም የለውም አለ። ገመዱ እንደሆነስ ስትል ወንድሜ ራሱ መጣ። ጎንበስ ብሎ መብራቱን አየ፤ በርቷል። ኢንተርኔት ከፍቶ ዜና አነበበ፤ ወዲያው ተከፈተ። በቀልጣፋው ኮምፒውተር ከፈተው፤ እዚያም እኩል ነው። ደረቱን ነፍቶ ዞረ። ልጄ በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ከውጭ ወደ ቤታችን የሚገባው ኢንተርኔት ራሱ ከመቶውም ያነሰ ቀጭን ነው፤ እዚያ ላይ መቶና ሺህ አይለይም። ልዩነቱ የሚታየው ቤት ውስጥ ካንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ትልቅ ነገር ሲጓጓዝ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ያለ ሰው የለም። ኮምፒውተሩ ነፃ ወጣ፣ ገመዱ ነፃ ወጣ፣ የቀረው የልጄ እጅ ሆነ።

ወንድሜ ቤቴ መጥቶ፣ ሳህኑን ጨርሶ፣ እጁን ሲታጠብ ነው የነገረኝ። ልጄ ጥሩ ዓይን እንዳላት፣ እጇ ግን እንደሚከብድ፣ ቦታውን ለቀልጣፋው ሊሰጥ እያሰበ እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ እንደ እናት ሳይሆን እንደ ሠራተኛ እንድረዳው። የእኛ እጅ ያን ያህል ከከበደ ውሃውን ራሱ ቀድቶ እንዲታጠብ ነገርኩትና ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩት።

ልጄ ያን ጊዜ ስለ ራሷ መጠራጠር ጀምራ ነበር። ይህ ነው ያንገበገበኝ። ሰው ዘገምተኛ ነሽ ሲላት ትስቅ የነበረችው ልጅ፣ እየበላን ጣቶቿን ታያለች። ሌላ ሙያ ብማር ይሻል ይሆን አለችኝ። እጇ ምን እንደሚመስል እኔ አላውቅም እንዴ? የወለድኳት እኔ ነኝ፣ መርፌ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። እኔ አንዱን ቁልፍ ሳልተክል እሷ የሸሚዙን ደረት ትጨርስ ነበር።

ወንድሜ በውጤት ነው የምፈርደው ስላለ ውድድር አዘጋጀ። አንድ የቤት ዕቃ መደብር ግድግዳ የሚያክል ባነር አዝዞ ነበር። ሁለቱም ያንኑ ፋይል በአንድ ጊዜ ከፍተው፣ ዋጋውና ስልኩ ተስተካክሎ፣ ሶፋው ቀለም ተቀይሮ፣ ተመልሶ ይቀመጥ ተባለ። ቀድሞ የጨረሰ ቋሚ ይሆናል። ወንድሜ መሀል ላይ ቆመ። ባለማሽኑ ከማሽን ክፍሉ ብቅ አለ። እኔም መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

ጀምሩ ተባለ። የቀልጣፋው ሶፋ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ተቀመጠ። የልጄ መስመር ገና ከጫፍ ነቅነቅ አለች። ቀልጣፋው እየሠራ ያወራል፣ እየተሳሳተ ያጠፋል፣ እንደገና ይሠራል። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሲከፈትላት አንገቷን ደፍታ ሠራች፤ ዋጋው ተስተካከለ፣ ስልኩ ተስተካከለ፣ ሶፋው ቀይ ሆነ። ቀልጣፋው ገና የሶፋው ትራስ ላይ ነበር። ልታስቀምጠው ተጫነች። መስመሯ እንደገና ከጫፍ ጀመረች። ቀልጣፋው ትራሱን ጨርሶ ተጫነ፣ የእሱ ወዲያው ሄደ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ «አልቋል» አለ። የልጄ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር።

ወንድሜ ለቀልጣፋው እጁን ሊዘረጋ ሲል ወንበር ይለዋወጡ አልኩ።

ውድድሩ አልቋል አለኝ። ወንበር ይለዋወጡ አልኩ። ሁለቱም የየራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው፣ በሰው ዕቃ አይወዳደሩም፣ ደግሞም ያንን ፋይል አንዴ ሠርተውታል አለ። እንግዲያው ሌላ ፋይል ይምጣ፣ ወንበር ይለዋወጡ አልኩ። ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስለ ሽቦውም ስለ መቶውም አልነበረም ሐሳቤ፤ ሁለት ሰው አንዱ ዳገት አንዱ ቁልቁለት ሲሮጥ ይለዋወጡ ማለት ለማንም አይከብድም። ዓይኔ እጇን አይቷል፤ ስትሠራ ቀድማው ነበር። ስለዚህ ምክንያት አልሰጠሁትም። ያን ቀን የሚወሰደው የአንድ ሆስፒታል ባነር ጠረጴዛዬ ላይ ተጣጥፎ ነበር፣ ቀለበቱ ገና ግማሽ ነው። ወጥቼ ተቀመጥኩበት።

«እትዬ፣ ሰውየው ሊወስደው እየመጣ ነው» አለኝ ወንድሜ።

«ይምጣ። ቦታ አለ፣ አጠገቤ ይቀመጣል።»

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«ያለ ምክንያት አልተቀመጥኩም፤ እግሬን አሞኛል። ወንበር ሲለዋወጡ ይሻለኛል።»

ባለማሽኑ ጉሮሮውን ጠራረገና ቢለዋወጡስ ምን ይጎዳል አለ። ያ ሰው ከማሽኑ ውጪ ሰው ሲያናግር ያየሁት ያን ቀን ነው። ወንድሜ ባነሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከሁለታችን የቱ እንደሚከብድ ገመተ፣ ይለዋወጡ አለ።

የጂም ቤት ባነር መጣ፤ ያኛውን የሚያክል፣ ጡንቻ ብቻ። ልጄ ከግድግዳዋ ሳጥን ሥር ተቀመጠች፣ ቀልጣፋው በሩ አጠገብ። ጀምሩ ተባለ። በልጄ ስክሪን ላይ ጡንቻው ወዲያው ወጣ። ልጄ ደንግጣ እጇን አነሳች፤ እንደሱ ከተከፈተላት ዘመን አልፏል። ከዚያ ገባችበት።

ቀልጣፋው ተጫነ። ጠበቀ። ደግሞ ተጫነ። ስክሪኑን በጣቱ ቆረቆረ። የቀንድ አውጣዋ መስመር ለሱም ያው አካሄድ ሄደችለት። ልጄ ጨርሳ፣ አስቀምጣ፣ ወንበሯን አዙራ ተቀምጣ ነበር፤ አልቋል አላለችም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የቀልጣፋው ጫማ ወለሉን ሲመታ ነው።

«ይሄ ኮምፒውተር ታሟል» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ይህን ስል እጅሽ ነው ተብዬ አልነበረም?» አለችው ልጄ። ድምፅዋ አልጮኸም። የእሱ ጆሮ ቀይ ሶፋውን መሰለ።

ወንድሜ ግን ወንድሜ ነው። አሰበ፣ አሰበና ጥፋቱን አገኘው፤ ጠረጴዛው ነው አለ። በር አጠገብ ያለ ቦታ ንፋስ ይገባዋል፣ ሰው ይመላለሳል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም፣ ለዚህ ነው ሁለቱም እዚያ ሲቀመጡ የሚዘገዩት። ኮምፒውተሩ እንኳ ሐሳቡ የተበተነበት መሰለው መቼም።

ልጄ ሳትጠብቀው ወደ ቀድሞ ቦታዋ ሄዳ ጎንበስ አለችና ስክሪኑ ላይ የሆነ ቦታ ከፈተች። ባለሙያው ማሽኑ ጋ ያሳየን ዓይነት ቁጥር ነው፤ መቶ ይላል። የቀልጣፋው ላይ ሄዳ ከፈተች፤ ሺህ። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ካርቶኗን አወጣች፣ ገመዱን ነቀለች፣ እየሳበች ይዛው ወጣች። መሀሉ ላይ ተጠፍጥፏል። ባለማሽኑ ተቀበላትና ዓይኑ ጋ አስጠጋው። ጎኑ ላይ ሰማያዊ የማሽን ቀለም ተረጭቶ ደርቋል።

«ይሄ የኔ ገመድ ነው» አለ። ቀስ ብሎ ወደ ወንድሜ ዞረ። «ዓይንህ ደክሟል ያስባለኝ ገመድ ነው።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጫፉን አየ፣ ቀና ብሎ ሁላችንንም አየን። መቼም ሰው ሲያፍር መሬት ያያል፤ እሱ ገመዱን ነው ያየው፣ እንደ ከዳው ወዳጅ።

«ይበራ ነበር» አለ።

ልጄ አዲስ ገመድ ከሱቅ አስመጥታ ሰካችው፤ ለቀልጣፋው ሳይከፈትለት የቀረው ጡንቻ ዓይናችን እያየ ዘሎ ወጣ። እንዲህ ሲሆን ሰው መቀለድ ይፈልጋል፣ ግን የቤቱ ቀልደኛ ራሱ ቀልጣፋው ስለነበር ቀልድ የጀመረ የለም። ሐቁን ለመናገር ትንሽ አሳዘነኝ። የሰው ዳገት ላይ ቆሞ ላቡ ሲንቆረቆር ያየሁት ነው። ትንሽ ነው ያሳዘነኝ።

አሁን ፍርዱ ቀረ። ወንድሜ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ሁለቱም ጎበዝ እንደሆኑ፣ በዚህ ሁኔታ ውጤቱን ማመን እንደሚያስቸግር፣ የሙከራው ጊዜ ቢራዘም ለሁሉም ጥሩ እንደሚሆን ተናገረ። እኔ ከባነሩ ላይ ገና አልወረድኩም ነበር።

ቀስ ብሎ ለልጄ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ እኔ ግን እየሰማሁ፣ «አሁን ላንቺ ብሰጥሽ እኮ ሰው ለእህቱ ልጅ አዳላ ይላል» አላት።

«ሰው ምን እንደሚል ይተዉት፣ ጋሼ» አለችው። «ገመዱን ዘርግተው ዘገምተኛ ያስባሉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ወንበሩን የሚሰጡኝ ከሆነ ዛሬ ይስጡኝ፤ ካልሆነ ደግሞ ዛሬ ይንገሩኝ። ጊዜያዊ ሆኜ ነገ አልመጣም።»

እሱ እኔን አየኝ። እርዳታ የፈለገ መሰለኝ። እግሬን አሸሁ።

ሰጣት። እንዴት እንደሰጣት ብነግራችሁ፣ ጥርስ ሲነቀልለት እንኳ እንደዚያ አላደረገም። ቋሚ ናት አለ፣ ለሁላችንም እንዲሰማ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ። ያን ጊዜ ከባነሩ ወርጄ ቀለበቴን ቀጠልኩ፤ የሆስፒታሉ ሰው ሲመጣ ሞቅ ያለ ባነር ነው የወሰደው።

ልጄ ግን አልጨረሰችም። መቀሴን ከጠረጴዛዬ አነሳችና ገመዱን ልትቆርጥ ስትል ወንድሜ ጮኸ። ጫፍ ጫፉ ብቻ ቢቆረጥና አዲስ መሰኪያ ቢታሰርለት መሀሉ እንደሚድን ተናገረ። የተጠፈጠፈው መሀሉ ነው አለችው። እንግዲያው ሁለት ቦታ ይቆረጥና ሁለት አጫጭር ገመድ ይሁን አለ፤ ከአንዱ በሽተኛ ሁለት ጤነኛ ሊያወጣ ነው። ሽቦው ሌላም ቦታ ተበጥሶ እንዳልሆነ በምን እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ሰክቼ አየዋለሁ፣ ካልበራ እጥለዋለሁ አላት። እሷ ያን ሰምታ ክንድ ክንድ እያደረገች ቆራረጠችው። በያንዳንዱ ቅጭ ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ።

ቁርጥራጩን ግን ከወለሉ አንድ በአንድ ለቀመው። ለማሰሪያ ይሆናል አለ። እውነቱን ነው፤ ዛሬ የተጠቀለለ ባነር በሱ እናስራለን፣ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ገመዱ በሕይወቱ የሚችለውን ሥራ ያገኘው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ቀልጣፋው ሌላ ማተሚያ ቤት ሊሞክር ሄደ። ሲሄድ የምስክር ደብዳቤ ጠየቀ፤ ወንድሜም ማዳላት ስለማይወድ ቀልጣፋ ሠራተኛ ነበር ብሎ ጻፈለት። ባለማሽኑ ይቅርታ እስካሁን አልተጠየቀም። ልጄ ግን የገመድ ሳጥኑ ይፈተሽ ብላ ባለሙያውን አስጠራችው፤ ትንሽ መሣሪያ ይዞ መጥቶ እያንዳንዱን ገመድ ከሁለት ጫፉ ሰክቶ ስምንቱንም ሽቦ በየተራ ይቆጥራል። ወንድሜ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ እንደ ታማሚ ቤተሰብ፣ ባለሙያው ራሱን በነቀነቀ ቁጥር «ይኼኛውም?» ይላል። ይኼኛውም ነበር። ብዙዎቹ። አሁን ማሰሪያ ተትረፍርፎልናል።

ለልጄ አንድም ቀን ተሳስቻለሁ አላላትም። በውድድሩ ማግስት ጠዋት መጥቶ ከኋላዋ ቆመ፣ አንድ ትልቅ ባነር ከፍታ ስትሠራ አየ፣ እጁን አጣመረ።

«እጅሽ ተፈታ እኮ፤ ፈጠንሽ» አላት፣ በደግነት።

ቀና ብላ አላየችውም። ቋሚ ሠራተኛ ናት፤ ቀና የማለት ግዴታ የለባትም።